በሰማንያ አሐዱ ያልተገኘው ጥቅስ

አቶ ገብረአምላክ በትርጉም ሥራቸው እግዚአብሔርን «አንተ»፣ ደንበኛን «እርስዎ» ይላሉ። ይህን የሚያፈርስ ትርጉም ከእጃቸው አይወጣም። አንድ ጊዜ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ከእንግሊዝኛ የመለሰችውን ጸሎት እንዲያርሙላት ብታመጣ፣ ከላይ እስከ ታች «ጌታ ሆይ፣ እባክዎን ይስሙኝ» ይላል። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ ይሄ ጸሎት አይደለም፤ የውሃ ቆጣሪ ማመልከቻ ነው» አሏት። ልጅቷ አልተመለሰችም። እሳቸው ግን ይህን የሚያወሩት እንደ ትልቅ ድል ነው።

የሚሠሩት ቀራንዮ፣ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ወረድ ብሎ ባለው የኢብራር ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ኢብራር የወራቤ ሰው ነው፤ ሁለት ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተርና ብዙ ትዕግሥት አለው። አቶ ገብረአምላክ ከማሽኖቹ ጀርባ አንዲት ጠረጴዛና አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር አላቸው። ከአጭሩ እግር ሥር የታጠፈ ወረቀት ይገባል። ወረቀቱ በየሳምንቱ ይቀየራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ተርጓሚ ሥራ ነው።

ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። የተወለዱት ጎጃም፣ ቢቸና አጠገብ ነው። ቅኔ ቤት ገብተው በመካከሉ ተባረዋል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «መምህሬን በቅኔ ሰደብኳቸው» አሉኝ። ስድቡ መጥፎ ሆኖ አልነበረም የተባረሩት፤ ጥሩ ስለነበረ ተማሪው ሁሉ በቃሉ ያዘው። አዲስ አበባ መጥተው በማታ ትምህርት እንግሊዝኛ ተማሩ፣ ከዚያም በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ተረጎሙ። ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛችላቸው። ከፊልሙ ግርጌ የሚጻፈውን ትርጉም እያረሙ ጎረቤቱን ሲያስቸግሩ ከረሙና በሦስተኛው ወር ኢብራር ዘንድ መጡ።

እኔ ወደ እሳቸው የሄድኩት በየካቲት ነው፤ ባለቤቴ ማቲ ከሞተ ዘጠኝ ወር ሆኖት ነበር።

ማቲ የአሳንሰር ጠጋኝ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ ዓለም ባንክ ሠፈር፣ በአንድ አዳራሽ፣ በእንግሊዝኛ ለሚያመልኩ ወጣቶች ይሰብክ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ተሻለች የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ሰው ናቸው፤ ዳዊት ሳይደግሙ ቁርስ አይበሉም። ልጃቸው ሃይማኖቱን ሲቀይር አልጮሁም፣ አልረገሙም። «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ልጄ ነው» አሉ፣ አለቀ። እሑድ ስልኩን አያነሡም ነበር። ሲሰብክ አንድም ቀን ሄደው አልሰሙትም፤ ቢሄዱም ቋንቋውን አይሰሙም።

ማቲ በጉበት ሕመም በሁለት ወር ውስጥ ሞተ። ልቅሶው ላይ የማናውቃቸው ወጣቶች እየመጡ «እንዲህ ብሎን ነበር፣ እንዲህ ብሎን ነበር» ሲሉ እናቱ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። በየካቲት አንድ ቀን ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦

«የሰው ልጅ ሁሉ የሰማውን ልጄን እኔ አልሰማሁትም። በሙት ዓመቱ በአማርኛ አሰሚኝ። ሌላ ምንም አልልሽም።»

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የተማርኩትም ሰነድ መያዝ ነው። እንግሊዝኛ አያቅተኝም። ሞከርኩት። የማቲ ስብከት በእኔ አማርኛ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ሰዎች ወደ አቶ ገብረአምላክ የመሩኝ።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ።

«ስብከት ነው፣ ጋሼ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ።»

«የማን?»

«የባለቤቴ። አርፏል።»

«ነፍስ ይማር። ጴንጤ ነበር?»

«ነበር። የዚሁ የቀራንዮ ልጅ ነው።»

«ቀራንዮ ተወልዶ በእንግሊዝኛ የሚሰብክ ጴንጤ» አሉና ወረቀቱን ተቀበሉኝ። «እግዜር ከአማርኛ ሌላ አይሰማም ያለው ማን ነው፣ እውነት ነው።»

ኢብራር ከማሽኑ ጀርባ «ጋሼ፣ ልጅቷ ሐዘን ላይ ናት» አላቸው።

«ነፍስ ይማር ብያለሁ እኮ። አንተ ኮፒህን አንሣ።»

ድምፁን ያገኘሁት ከማቲ ጓደኛ ከኢዮሲያስ ነው፤ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ላይ የሚሠራው እሱ ነበር። የመጨረሻውን ስብከት ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ገልብጬዋለሁ፤ አሥራ አራት ገጽ። የሳለበትን፣ ውሃ የጠጣበትን፣ ሰው የሳቀበትን ሁሉ ከነሰከንዱ በቅንፍ አስገብቻለሁ። አቶ ገብረአምላክ ሁለት ገጽ ካነበቡ በኋላ «ይሄ ስብከት ነው ወይስ ለፖሊስ የተሰጠ ቃል?» አሉኝ።

«እንደተናገረው ነው የያዝኩት።»

«ይሁን። እኔም ሕግ አለኝ። የመጽሐፍ ቃል ከእንግሊዝኛ አልተረጉምም። ባልሽ ጥቅስ በጠቀሰ ቁጥር የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጬ እንዳለ እገለብጣለሁ። ሕዝቡ በጆሮው የሚያውቀውን ቃል እኔ እንደገና ብፈጥርለት፣ ጥቅስ ሳይሆን የእኔ ወሬ ነው የሚመስለው። በቃሌም አልጠቅስም። በጥቅስ ምልክት ውስጥ የሚገባው የተጻፈ ብቻ ነው። በራሱ አባባል የተናገረው ከምልክቱ ውጭ ያድራል።»

«ቁጥሩስ? እሱ መዝሙር ሃያ ሦስት የሚለው አለ። እናቱ የሚደግሙት ዳዊት ላይ ሃያ ሁለት ነው።»

አቶ ገብረአምላክ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ የእናቱን ፊት ለፊት፣ የእሱን በቅንፍ። ሙት ዓመት ላይ በቁጥር የሚጣላ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።»

ሦስት ሳምንት ከሥራ ስወጣ በእሳቸው በኩል አልፍ ነበር። ማቲ አሥራ አራት ቦታ ላይ ይጠቅሳል። ሁለቱ ላይ ምዕራፉን ተሳስቷል። እኔ ስሕተቱ እንዳለ ይቀመጥ አልኩ፤ የተናገረው እንደዚያ ነውና። እሳቸው «የሟች ስሕተት ለሕዝብ አላነብም» አሉ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ትክክለኛው በጽሑፉ ውስጥ፣ የማቲ ስሕተት በኅዳጉ ላይ በእርሳስ እንዲሆን ተስማማን። እንዲህ እየተጣላን አሥራ ሦስቱን ጨረስን።

አሥራ አራተኛው አልገኝ አለ።

ስብከቱ ሊያልቅ ሲል ማቲ ስለ ፍርሃት ያወራል። ሐኪሙ ያለውን ከሰማ አራት ቀኑ ነበር፤ ጉባኤው ግን አያውቅም። «ተጽፏል» ይላል። ቃሉን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦ ጠባቂው ነቅቷል፣ አንተ ግባና ተኛ፤ የማይተኛ ጠባቂ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እኔ በቅንፍ «ሳቅ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ» ብዬ ጽፌያለሁ።

አቶ ገብረአምላክ ሰማንያ አሐዱን አገላበጡት። መዝሙር አራት ላይ «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» የሚለውን አገኙ፤ አልመሰላቸውም። ምሳሌን አዩ፣ ጥበብን አዩ፣ ሲራክን አዩ። ኢብራር እንኳን ከማሽኑ ጀርባ «በእኛም ቁርኣን አይተኛም፣ ማንገላጀትም አይዘውም ይላል፤ ግባና ተኛ ግን አይልም» ብሎ ሊረዳቸው ሞከረ።

በአራተኛው ቀን «አገኘሁት» አሉኝ። መዝሙር መቶ ሃያ፣ ቁጥር አራት፦ «እነሆ፥ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም።» «ባልሽ በቃሉ ሲጠቅስ አበላሽቶት ነው እንጂ ይሄው ነው» አሉ። የማቲን ዐረፍተ ነገር አወጡና በቦታው ጥቅሱን ከነቁጥሩ አስገቡ። ሥራው አለቀ።

ረቂቁን ለማሰማት ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ተሻለችን ይዤ መጣሁ። ኢብራር ማሽኖቹን አጥፍቶ በርጩማ አቀረበላቸው። አቶ ገብረአምላክ ቆመው አነበቡ። ደስ የሚል ድምፅ አላቸው። «ፍቁራን ሆይ» ብለው ጀመሩ። ማቲ በእንግሊዝኛ ያለው «ጋይስ» ነበር። ማቲ «ጴጥሮስ አበላሸ» ያለበት ቦታ ላይ «ቅዱስ ጴጥሮስ በሥጋ ድካም ተሰናከለ» ይላል። አሥራ አራቱ ገጽ እስኪያልቅ ወይዘሮ ተሻለች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።

«እንዴት ነው?» አሉ አቶ ገብረአምላክ።

«ጥሩ ነው። ያማረ ነው» አሉ ወይዘሮ ተሻለች። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የማን ነው?»

«እንዴት የማን ነው? የልጅዎ ነዋ።»

«የኔ ልጅ ፍቁራን ሆይ አይልም። አሳንሰር ውስጥ ተቀርቅሮ የሚውል ልጅ ፍቁራን ሆይ ከየት ያመጣል? ይሄ እርስዎ ነዎት፣ አቶ ገብረአምላክ። ድምፅዎ ያምራል፣ አይቀየሙኝ። ግን እኔ እርስዎን ልስማ አላልኩም።»

ኢብራር ያጠፋውን ማሽን መልሶ ያብስ ጀመር።

አቶ ገብረአምላክ ተቀመጡ፤ ወንበሩ ተንገዳገደ። «ወይዘሮ ተሻለች፣ ቃለ እግዚአብሔር እኮ ነው። እንደ ሠፈር ወሬ አይጻፍም። ክብር አለው።»

«ክብሩን ለእግዜር ይስጡት። ለልጄ ምን ያደርግለታል?»

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሦስተኛውን ገጽ እያየሁ ነበር። ቅንፉን አቶ ገብረአምላክ አላወጡትም፤ ከጥቅሱ ቀጥሎ «ሳቅ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ» ይላል። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «በዚህ ጥቅስ ላይ ሰው ለምን ይስቃል? ዳዊት እኮ ነው።»

«ወጣቶች ናቸው፤ በምንም ይስቃሉ።»

«አሥራ አንድ ሰከንድ?»

ገልብጬ የያዝኩትን እንግሊዝኛ አውጥቼ ለወይዘሮ ተሻለች ቀስ እያልኩ መለስኩላቸው። «ተጽፏል ይላል። ጠባቂው ነቅቷል፣ አንተ ግባና ተኛ። የማይተኛ ጠባቂ...»

«ዘበኛ» አሉ ወይዘሮ ተሻለች።

«ምን አሉኝ?»

«ጠባቂ አይደለም። ዘበኛው ነቅቷል፣ አንተ ግባና ተኛ። የማይተኛ ዘበኛ እሱ ብቻ ነው።» ይህን ያሉት ሳይቸኩሉ ነው፣ እንደ ዳዊታቸው። «ይሄን የት አገኘችው ብዬ እኮ ነው የማይሽ። የኔ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የማቲ አባት ዘነበወርቅ አካባቢ የአንድ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ይተኛሉ። አንድ ሌሊት ሌቦች መጡና እህሉን አልነኩም፤ የዘበኛውን ጫማ ክር ፈተው ከእግራቸው ላይ ወሰዱት። ጠዋት ዘበኛው በካልሲ ቤት ገቡ። ሠፈር ሁሉ ሳቀ። የስድስት ዓመቱ ማቲ ግን አልሳቀም። አባቱ የሚተኛ ዘበኛ ከሆነ ማንን አምኖ ይተኛል? በር ሥር ተቀምጦ አልተኛም አለ። እናቱም ዳዊቱን ልጅ በሚገባው አማርኛ አደረጉለት፦ ከአባትህ ጋር አታምታታው፣ ዘበኛው ነቅቷል፣ አንተ ግባና ተኛ። እስኪያድግ ድረስ ሲያስተኙት ይሉት ነበር።

«ከየት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ተጽፏል አልኩት» አሉ። «ልጅ ነዋ። ምን ልበለው?»

ማቲ ያን እሑድ የሐኪሙን ቃል ይዞ እንደቆመ እኔ አውቅ ነበር። የማንን ቃል ተደግፎ እንደቆመ ደግሞ እናቱ አሁን አወቁ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አመጡ፤ ኢብራርም በሩን ገርበብ አደረገው።

አቶ ገብረአምላክ እርሳሳቸውን ደጋግመው አገላበጡ። በመጨረሻ «ችግር ነው» አሉ።

«ምኑ?» አልኳቸው።

«ሁሉም። ተጽፏል ይላል፣ አልተጻፈም። በጥቅስ ምልክት ባገባው ሕጌን አፈረስኩ። ባወጣው ልጁን አወጣሁት። ደግሞ ዘበኛ። በአርባ ዓመት እግዚአብሔርን ዘበኛ ያልኩበት ወረቀት የለም።»

«ዳዊት ይጠብቃል ካለ ዘበኛ አይደለም ወይ?» አሉ ወይዘሮ ተሻለች ከነጠላቸው ውስጥ።

«ነው። ግን ዳዊት ንጉሥ ነበር፤ ዘበኛውን በሌላ ስም ይጠራዋል።»

ሰኞ ስመጣ አሥራ ሦስተኛው ገጽ እንደገና ተጽፎ ጠበቀኝ። ዳዊቱ በጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ ከነቁጥሩ፦ መዝ. ፻፳ (፻፳፩)፥፬። ከሥሩ ያለ ጥቅስ ምልክት፦ አንድም፣ ዘበኛው ነቅቷል፤ አንተ ግባና ተኛ። የማይተኛ ዘበኛ እሱ ብቻ ነው።

«አንድም?» አልኳቸው።

«የትርጓሜ መምህራን ንባቡን ካነበቡ በኋላ ምን ይላሉ? አንድም ብለው ፍቺውን ይሰጣሉ። በፍቺው ላይ በሬ አለ፣ ጠላ አለ፣ የሠፈር ጠብ አለ። ያባረሩኝ መምህር አንዱን መዝሙር በእንስራ ይፈቱት ነበር። ንባቡ የመጽሐፉ ነው፣ አይነካም። ፍቺው የመምህሩ ነው፤ ዘበኛ ቢል ማን ይከሰዋል? ወይዘሮ ተሻለች ሳያውቁት የትርጓሜ ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል።» ደስ ብሏቸው ነበር፤ እንዳይታወቅባቸው መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር።

እኔ ግን የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። «ማቲ ቁጥር አራትን አላነበበም፣ ጋሼ። እርስዎ ነዎት የጨመሩት።»

«የእናቱ ቃል ከየት ወጣ? ከዚያ። ልጁ ውኃውን ይዞልን መጣ፤ እኔ ምንጩን አሳየሁ።»

«እንግዲያው በማዕዘን ቅንፍ ይግባ። እኛ ዘንድ አሰናጁ የጨመረው በማዕዘን ቅንፍ ነው የሚለየው። ፍቺው ላይም ምንጩ ይጻፍ፤ ወይዘሮ ተሻለች፣ የቃል መረጃ፣ ቀራንዮ፣ ቀኑ።»

ትንሽ አሰቡና ሁለት ማዕዘን ቅንፍ አደረጉበት። «ግድ የለም» አሉ፤ «ቅንፍ ሲነበብ አይሰማም።»

የቀረውንም ከእናቱ ጋር ሆነው አንድ በአንድ አረሙት። «ፍቁራን ሆይ» ወጣ። ማቲ ጓደኞቹን በአማርኛ ምን ይላቸው ነበር ብለው ጠየቁ፤ «እናንተ ሰዎች» ተባለና እሱ ገባ። ጴጥሮስ በወይዘሮ ተሻለች ትእዛዝ «ቅዱስ» እንደተባለ ቆየ፤ «አበላሸ» የሚለውንም በእሳቸው ትእዛዝ መልሶ አገኘ። እግዚአብሔር የሚናገርበት ቦታ ግን አልተነካም። እዚያ ላይ አቶ ገብረአምላክ አንዲት ፊደል አልለቀቁም፤ ወይዘሮ ተሻለችም አልጠየቁም።

በግንቦት፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። በአንድ በኩል የወይዘሮ ተሻለች የማኅበር ሴቶች ነጠላ ለብሰው ተቀመጡ፤ በሌላው በኩል የዓለም ባንክ ወጣቶች በኢዮሲያስ መሪነት ስልካቸውን ይዘው ተቀመጡ። በመካከላቸው አንድ ሙሉ ረድፍ ባዶ ነበር። ኢብራር መጥቶ እዚያ ተቀመጠ።

አቶ ገብረአምላክ «እናንተ ሰዎች» ብለው ጀመሩ። ወጣቶቹ ዘንድ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ወይዘሮ ተሻለች ፊታቸውን ወደ መሬት አድርገው ያዳምጡ ነበር። «ቅዱስ ጴጥሮስ አበላሸ» ሲባል ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ አማተበች። ዳዊቱ ተነበበ፤ ሴቶቹ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው አሉት። ከዚያ «አንድም» ሲሉ ሴቶቹ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ የለመዱት ነው።

«ዘበኛው ነቅቷል፤ አንተ ግባና ተኛ። የማይተኛ ዘበኛ እሱ ብቻ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት የወይዘሮ ተሻለችን ባል ጫማ የሚያስታውሱ የሠፈር አሮጊቶች ናቸው። ቀጥሎ ወጣቶቹ፤ እነሱ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው። ወይዘሮ ተሻለች እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ እያለቀሱ ነው ብዬ ተነሣሁ። እየሳቁ ነበር። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ልማድ ነው። ከአሥራ አንድ ሰከንድ በለጠ።

ንባቡ ሲያልቅ ወይዘሮ ተሻለች ኢዮሲያስን ጠሩት። ልጁ ጎንበስ ብሎ መጣ።

«ማቲን ሰማሁት» አሉት። «ሌላም አለው?»

«አለው፣ እማማ። ሁሉም ተቀድቷል፤ አርባ አንድ ስብከት ነው።»

ወይዘሮ ተሻለች ዞር ብለው አቶ ገብረአምላክን አዩዋቸው።

አቶ ገብረአምላክ ወረቀታቸውን ያጥፉ ነበር። «አርባ አንድ?» አሉ።

«ጋሼ» አለ ኢብራር ከባዶው ረድፍ ላይ፣ «ነገ ያንን ወንበርዎን አናጢ ጋ እወስደዋለሁ።»